ሆቴል ወይስ አዳራሽ፦ የዓመት መዝጊያ ግብዣን በጀት ከማጽደቅ፣ ከቀብድና ከመጠባበቂያ አንጻር ማወዳደር

ቢሯቸው በስታዲየም፣ በመስቀል አደባባይና በካዛንቺስ አካባቢ የሆኑ መካከለኛ ድርጅቶች የበጀት ዓመቱን ሲዘጉ ለሠራተኞቻቸው የሚያዘጋጁት ግብዣ ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይታሰባል። አንደኛው አዳራሹን፣ ምግቡን፣ አስተናጋጁንና መሠረታዊ መጠጡን በነፍስ ወከፍ ዋጋ ጠቅልሎ ከሚያቀርብ ሆቴል ጋር መዋዋል ነው። ሁለተኛው አዳራሹን ለብቻ ተከራይቶ ምግቡን ከምግብ አቅራቢ ድርጅት፣ ሙዚቃውንና ማስዋቡን ደግሞ ከሌሎች ባለሙያዎች እየገዙ ማሟላት ነው። በድርጅቱ ግቢ ድንኳን ተክሎ ማክበር የሚባል ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ ነገር ግን የሐምሌ ዝናብ፣ የመጸዳጃ ቤት ብዛት፣ እንዲሁም ከገበያ ያለ ደረሰኝ የሚገዛ በግና ቅመም በሂሳብ ክፍል ላይ የሚያስከትለው ጣጣ ሲደመሩ ከሃምሳ ሰው በላይ ለሆነ ግብዣ አልመክረውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያወዳድረው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

አብዛኛው አዘጋጅ ኮሚቴ ፕሮፎርማዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝቅተኛውን ድምር ይመርጣል። ግብዣ ግን እንደ ወረቀትና እንደ ቀለም ዋጋው በግዢው ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሰው ቁጥር ይለወጣል፣ መጠጥ ይጨመራል፣ ሰዓት ያልፋል፣ አንዱ አቅራቢ ይቀራል። በመሆኑም መነጻጸር ያለበት ድምሩ ብቻ ሳይሆን በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የትኛው ወጪ ምን ያህል ሊንቀሳቀስ እንደሚችል፣ ከግብዣው በፊት ምን ያህል ገንዘብ ከእጅ እንደሚወጣና ያንን ገንዘብ ለማውጣት ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነው።

ቀኑ በጀቱን ይለውጣል

ከዋጋ በፊት ቀኑ ይወሰን። ሰኔ 30 ሁልጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላል፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ግብዣውን በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ያደረገ ድርጅት የፍስክ ምግብ አዝዞ ግማሹ ሳይነካ ሲመለስ ማየቱ የተለመደ ነው፤ የተመለሰውን ምግብ ግን ሙሉ ዋጋ ይከፍልበታል። ከሐምሌ 5 በኋላ ያለ ቅዳሜ ከረቡዕና ከዓርብ ጾምም ስለሚያመልጥ የተሻለ ምርጫ ነው። ሂሳባቸውን በታኅሣሥ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚዘጉ ድርጅቶች ደግሞ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ በሚዘልቀው የነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃሉ፤ እነዚህ ከመነሻው የጾም ቡፌን ዋና አድርገው፣ ፍስኩን በቁጥር ወስነው ማዘዝ ይኖርባቸዋል። በሁለቱም ወቅት ለሙስሊም ሠራተኞች የሚቀርበው ሥጋ ለብቻው የሚዘጋጅና ለብቻው የሚቀርብ መሆኑ በፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሲጠየቅ ተጨማሪ ዋጋ ይዞ ይመጣል።

ቀኑ ከሰኔ ወደ ሐምሌ ሲገፋ አንድ የሂሳብ ጥያቄ ይከተላል። ግብዣው የሚከበረው ላለፈው ዓመት ሥራ ቢሆንም አገልግሎቱ የሚገኘው በሐምሌ ስለሆነ ወጪው የአዲሱ በጀት ዓመት ነው። በሰኔ የሚከፈለው ቀብድ በዚያን ጊዜ ወጪ ሆኖ ሳይሆን በቅድሚያ የተከፈለ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ በማጽደቂያ ደብዳቤው ላይ የየትኛው ዓመት በጀት እንደሆነ ካልተገለጸ፣ የሂሳብ ክፍሉ በሐምሌ የሚመጣለትን የቀሪ ክፍያ ጥያቄ «በጀቱ ተዘግቷል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

አንድ ስሌት በዝርዝር

መቶ ሃምሳ ሰው የሚጠራ፣ መጠባበቂያውን ጨምሮ 600,000 ብር ጣሪያ የተፈቀደለት ድርጅት እንውሰድ። ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ፕሮፎርማ ተክቶ ሊሠራበት ይችላል። ሠራተኞችን ወደ ቤታቸው የሚያደርሰው የሰርቪስ መኪና ነዳጅና የሾፌር አበል በሁለቱም ምርጫ እኩል ስለሆነና ከትራንስፖርት በጀት ስለሚሸፈን እዚህ አልገባም።

ሆቴሉ በነፍስ ወከፍ 2,200 ብር ጠይቆ ከጎኑ ሁለት የመደመር ምልክት (++) አስቀምጧል እንበል። ምልክቶቹ የሚሉት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ገና አልታከሉም ነው። ታክሱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተጨመረ በኋላ ስለሆነ ጭማሪው 25 በመቶ ሳይሆን 26.5 በመቶ ይሆናል። በመሆኑም 2,200 የተባለው ሰው በትክክል የሚያስከፍለው 2,783 ብር ነው። ምግብ አቅራቢ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ ስለማይጠይቁ የእነሱ ዋጋ የሚጨምረው በቫቱ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ፕሮፎርማዎች ታክስ ሳይደመር ማወዳደር የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ወጪውን በኋላ ከግብር እናካክሰዋለን ብሎ ማቀድም አያዋጣም። ለመዝናኛ የሚወጣ ወጪ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከግብር የሚቀነስ ወጪ አይደለም፤ ስለዚህ የግብዣ በጀት ሁልጊዜ ታክስን ባካተተ ዋጋ ይያዝ።

| ወጪ (ታክስን ጨምሮ፣ በብር) | ሆቴል | አዳራሽና ምግብ አቅራቢ |
|---|---|---|
| አዳራሽ | በጥቅሉ ውስጥ | 115,000 |
| ምግብ ለ150 ሰው | 417,450 | 189,750 |
| መጠጥ (ለሆቴሉ ተጨማሪው ብቻ) | 40,000 | 65,000 |
| ሙዚቃና ድምፅ | 40,000 | 55,000 |
| ማስዋብ | 25,000 | 35,000 |
| የጄነሬተር ነዳጅ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት | በጥቅሉ ውስጥ | 22,000 |
| የምስጋና ስጦታ | 30,000 | 30,000 |
| ድምር | 552,450 | 511,750 |

በዚህ ሰንጠረዥ አዳራሹ በ40,700 ብር ይረክሳል። ብዙ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤውን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

መጠባበቂያው ሲታከል

መጠባበቂያን «አሥር በመቶ» ብሎ በጅምላ መያዝ ለሁለቱም ምርጫ አንድ ዓይነት ስጋት እንዳለ ያስመስላል። የሚሻለው ወጪዎቹን በባሕርያቸው መለየት ነው። በውል የታሰረና የማይንቀሳቀስ ወጪ አለ፤ በሰው ቁጥር ልክ የሚያድግ ወጪ አለ፤ በዕለቱ ካልሆነ በቀር የማይታወቅ ክፍት ወጪም አለ። መጠባበቂያ የሚያዘው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ነው።

በሆቴሉ በኩል እንጀምር። ከተጠሩት በላይ ስምንት ሰው ቢመጣ 22,264 ብር ይጨምራል። ከጥቅሉ ውጭ ያለው መጠጥ በሠላሳ በመቶ ቢያድግ 12,000 ብር ነው። ግብዣው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ማለቅ ሲገባው አንድ ሰዓት ቢያልፍ ሆቴሉ ለምሳሌ 10,000 ብር ይጠይቃል። የሙዚቃ ባለሙያው ቢቀር ሆቴሉ የራሱ ድምፅ ማጉያ ስላለው ምሽቱ አይቋረጥም። ድምሩ 44,264 ብር ይሆናል፤ ከ600,000 ላይ 552,450 ሲቀነስ የሚቀረው 47,550 ስለሆነ በጭንቅ ይበቃል።

አዳራሹ ጋ ስንመጣ ዝርዝሩ ይረዝማል። ስምንት ተጨማሪ ሰው በምግብ አቅራቢው ዋጋ 10,120 ብር ብቻ ነው፤ ይህ ከሆቴሉ ከግማሽ በታች ነው። መጠጡ ግን ሙሉ በሙሉ የራስ ስለሆነ ሠላሳ በመቶው 19,500 ይሆናል። የአዳራሹ ተጨማሪ ሰዓት 11,500፣ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ የሚጨርሰው ተጨማሪ ነዳጅ 4,000፣ የተሰበረ ብርጭቆና የጠፋ ሳህን 8,000 ብር ይገመት። በዚህ ላይ የድምፅ ባለሙያው በመጨረሻው ቀን ቢቀር የተከፈለው ግማሽ፣ ማለትም 27,500 ብር፣ ቢመለስ እንኳ በዕለቱ አይመለስም፤ ሌላ ሰው ለመቅጠር ግን ገንዘቡ በዕለቱ ያስፈልጋል። ሁሉም ሲደመር 80,620 ብር ነው።

ከመጠባበቂያው ጋር ሆቴሉ 596,714 ብር፣ አዳራሹ 592,370 ብር ይሆናል። የአርባ ሺህ ብር ልዩነት ወደ አራት ሺህ ወርዷል። ይህ ማለት ግን ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት አይደለም፤ በአዳራሹ መንገድ ነገሩ ሁሉ በሥርዓት ከሄደ ሰማንያ ሺህ ብር አካባቢ ሳይነካ ይመለሳል፣ በሆቴሉ መንገድ ግን ለመመለስ የሚችለው ቀድሞውንም ግማሹ ነው። ጥያቄው ድርጅቱ ያንን መጠባበቂያ ሳይነካ የሚያቆይ ሰው አለው ወይ የሚለው ነው። ሙሉ ሳምንት ከመደበኛ ሥራው ተነስቶ አራት አቅራቢ የሚከታተል ሠራተኛ ከሌለ አዳራሹን መምረጥ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ቁጠባ ነው።

ከዋጋ ድርድር ይልቅ በጀቱን በብርቱ የሚያንቀሳቅሰው ግን የተረጋገጠ የእንግዳ ቁጥር የሚባለው ነው። ሆቴሉ ሰው ቢቀርም የሚያስከፍለው ዝቅተኛ ቁጥር በውሉ ላይ ይጻፋል። የተጠራው መቶ ሃምሳ ስለሆነ መቶ ሃምሳ ብሎ መፈረም የተለመደ ስህተት ነው፤ ዝናባማ በሆነ የሐምሌ ቅዳሜ፣ ሠራተኛው ከአያት፣ ከጀሞና ከየካ አባዶ ተነስቶ መሀል ከተማ እንዲመጣ ሲጠበቅ፣ ሁሉም እንደማይመጣ ኮሚቴው ራሱ ያውቃል። ቁጥሩን 135 አድርጎ፣ ሆቴሉ ግን እስከ 158 ሰው ለማስተናገድ እንዲዘጋጅ መስማማት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን የግዴታ ክፍያው 375,705 ብር ይሆናል፤ ከመቶ ሃምሳው ሰው ዋጋ በ41,745 ብር ያነሰ ነው። የመጨረሻው ቁጥር የሚገለጽበት ቀንም ይጻፍ፤ ከግብዣው አምስት ቀን በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። ቁጥሩ በዕለቱ በምን እንደሚቆጠር ካልተስማሙ ደግሞ ሆቴሉ ሳህን ይቆጥራል፣ ሳህን ደግሞ ሁለቴ የሚነሳን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል። በር ላይ በሚሰበሰብ የመጥሪያ ካርድ መቁጠር ይመረጣል።

ቀብድ እና ቅድሚያ ክፍያ

አቅራቢዎች ሁሉ ከግብዣው በፊት ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ በዚህ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። መከራከር የሚያስፈልገው የሚከፈለው ገንዘብ በውሉ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ነው፤ ምክንያቱም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቀብድ የተለየ ውጤት ሰጥቶታል። በሕጉ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገንም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ሊሰርዝ ይችላል። ውሉ ከተፈጸመ ቀብዱ ከዋናው ሂሳብ ላይ ይታሰባል ወይም ይመለሳል።

ይህ ለግብዣ አዘጋጅ በሁለት በኩል ይሠራል። ቅዳሜ ማታ የያዘለትን አዳራሽ ሆቴሉ ለትልቅ ስብሰባ ሊሰጠው ሲፈልግ፣ ቀኑን ማስለቀቅ ዋጋ እንዳለው የሚያውቀው በእጥፍ መመለስ ሲኖርበት ነው። በሌላ በኩል ግን ድርጅቱ ራሱ በሐዘን ወይም በሥራ ምክንያት ቀኑን መሰረዝ ቢገደድ በቀብድ ስም የከፈለው ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ የሚከፈለውን ለሁለት መክፈል ይበጃል። ሆቴሉ ሃምሳ በመቶ ቢጠይቅ፣ በ135 ሰው ሲሰላ ወደ 188,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ቀኑን ለማስያዝ 40,000 ብሩ በቀብድ ስም ይከፈል፣ ቀሪው 148,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ የስረዛ ሠንጠረዥ ይያያዝበት። ከግብዣው ሦስት ሳምንት በፊት ከተሰረዘ ሙሉ በሙሉ፣ ከአንድ ሳምንት በፊት ከተሰረዘ ግማሹ እንደሚመለስ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው።

ሆቴሎችና አዳራሾች የሚያቀርቡት የታተመ ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ «ቀብድ አይመለስም» ብሎ ያበቃል። ሕጉ «ሌላ ካልተስማሙ በቀር» ስለሚል እንዲህ ያለው ሐረግ የአቅራቢውን ግዴታ ያደበዝዘዋል። ቅጹን ሳይለውጡ መፈረም አስፈላጊ ከሆነም ከሥሩ አንድ መስመር በእጅ ተጽፎ፣ ሁለቱም ፈርመው ማኅተም ያሳርፉበት፤ አቅራቢው ውሉን ቢሰርዝ የተቀበለውን ቀብድ እጥፍ እንደሚመልስ የሚል መስመር ይበቃል። የውል ጠበብት የሆነ አዘጋጅ ባይኖርም ይህን መስመር ማስጨመር የትኛውም ሠራተኛ ይችላል።

በአዳራሹ መንገድ ነገሩ ይከብዳል። የአዳራሹ ኪራይ ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ይከፈላል ብንል 115,000፣ ምግብ አቅራቢው ስድሳ በመቶ ሲጠይቅ 113,850፣ ድምፅና ማስዋብ ግማሽ ግማሹን ሲጠይቁ 27,500 እና 17,500 ይሆናል። ከግብዣው በፊት 273,850 ብር በአራት ውል ከእጅ ይወጣል። በሆቴሉ መንገድ ከ188,000 ላይ የሙዚቃና የማስዋብ ግማሽ ክፍያ 32,500 ተደምሮ ወደ 220,500 ብር ነው። ልዩነቱ ከገንዘቡ ይልቅ በሰው ብዛት ላይ ነው፤ ስሙ የተመዘገበ፣ አድራሻው የሚታወቅ ሆቴል እጥፍ እንዲመልስ መጠየቅና በስልክ ብቻ የሚገኝን የድምፅ ባለሙያ መጠየቅ አንድ አይደለም። ለትናንሽ አቅራቢዎች ቅድሚያ ክፍያውን ከሠላሳ በመቶ በታች አድርጎ ቀሪውን ዕቃው ተተክሎ ከተሞከረ በኋላ በዕለቱ መክፈል ይሻላል።

ተመላሽ ማስያዣ ደግሞ ከወጪ ጋር አይቀላቀል። አዳራሾች ለንብረት ጉዳት የሚይዙት ገንዘብና መጠጥ አከፋፋዩ ለባዶ ጠርሙስና ለሳጥን የሚይዘው ገንዘብ ወጪ ሳይሆኑ ለጊዜው ከእጅ የሚወጡ ናቸው። ከ600,000 ጣሪያ ውስጥ ከተቆጠሩ መጠባበቂያው ሳይነካ የተነካ ይመስላል፤ ካልተቆጠሩ ደግሞ በካዝና በኩል ገንዘብ ያጥራል። በተለየ መስመር፣ የሚመለሱበት ቀን ተጽፎ ይቀመጡ።

ማጽደቁ በስንት ደረጃ ይሁን

አንድ የማጽደቂያ ደብዳቤ ሁሉንም ነገር ሲይዝ ወይ በጣም ይዘገያል፣ ወይ ሳይነበብ ይፈረማል። ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች ይሻላሉ። የመጀመሪያው ጣሪያውን፣ የበጀት ዓመቱንና መጠባበቂያው በማን ፊርማ እንደሚለቀቅ የሚወስን የዋና ሥራ አስኪያጅ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው ፕሮፎርማዎቹ ተነጻጽረው አቅራቢው የሚመረጥበት የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው። ሦስተኛው እያንዳንዱ ክፍያ ከውሉ ጋር ተያይዞ በሂሳብ ክፍል የሚታይበት ነው። ዊዝሆልዲንግ ታክስ የመቀነስ ግዴታ ያለበት ድርጅት በዚህ ደረጃ ላይ ቅናሹን ለአቅራቢው በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ግብዣው ዋዜማ ላይ «ገንዘቡ ጎድሏል» የሚል ስልክ የሚመጣው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ምርጫዎች በጣም ይለያያሉ። የግዢ መመሪያው ለእያንዳንዱ አቅራቢ ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠይቅ ከሆነ ሆቴሉ ሦስት፣ ከሙዚቃና ማስዋብ ጋር ዘጠኝ ይፈልጋል፤ አዳራሹ ግን መጠጡን ሳይጨምር አሥራ ሁለት። የሰኔ መጨረሻ ደግሞ የዕቃ ቆጠራና የሂሳብ መዝጊያ ወቅት ነው፤ ፊርማ የሚሰጡት ሰዎች በመጋዘን ናቸው። ፕሮፎርማው የሚጸናው ለምሳሌ ለአሥራ አምስት ቀን ከሆነ ፊርማው እስኪመጣ ዋጋው ያልፋል፣ አዲስ ፕሮፎርማም ከአዲስ ዋጋ ጋር ይመጣል። በዚህ ምክንያት አዳራሹን የመረጠ ድርጅት ሥራውን ከግንቦት መጀመሪያ ይጀምር፤ ለሆቴሉ ከግንቦት መጨረሻ ቢጀመርም ይደርሳል። ደረጃውን ለማሳጠር ሲባል የምግቡን ግዢ ለሁለት ከፍሎ ከፈቃድ ጣሪያ በታች ማድረግ ግን ኦዲተር በቀላሉ የሚያገኘው ነገር ስለሆነ አይሞከር።

መጠባበቂያው ለኮሚቴው የወጪ መስመሮች አይጨመር፣ ለአቅራቢዎችም አይነገር። ከግብዣው ቀን በፊት የሚለቀቀው በሁለት ፊርማ፣ ማለትም በኮሚቴው ሰብሳቢና በሂሳብ ክፍል ኃላፊው፣ ይሁን። ለዕለቱ ግን ሁለት ፊርማ አይሠራም፤ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ፈልጎ ማስፈረም የማይሆን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተሰይሞ እስከ 15,000 ብር ድረስ ብቻውን እንዲፈርም ይፈቀድለት፣ ስሙና የፊርማው ናሙና አስቀድሞ ለሆቴሉ ይሰጥ፣ ያለዚያ ፊርማ የተሰጠ ተጨማሪ መጠጥ እንደማይከፈል በውሉ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ ምን እንደሚከሰት የግብዣ ልምድ ያለው ሁሉ ያውቃል፤ አንድ ክፍል ኃላፊ ደስ ብሎት «ለዚህ ጠረጴዛ አንድ ዙር ጨምሩ፣ ሂሳቡን ከቢሮ ላኩልኝ» ይላል፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ያያል፣ ሂሳቡም ሰኞ ይደርሳል።

መጠጡን ለመቆጣጠር ማኅተም የተመታበት ኩፖን ማደል ያዋጣል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ኩፖን ከመጥሪያ ካርዱ ጋር ይሰጥ። መጠጡን ራስ በሚገዙበት በአዳራሹ መንገድ ደግሞ ያልተከፈተ ሳጥን እንደሚመለስ ከአከፋፋዩ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ሳጥኑ ሃያ አራት ጠርሙስ ስለሚይዝ ከተከፈተው ሳጥን አንድ ጠርሙስ ቢቀርም አይመለስምና አስተናጋጁ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን እንዳይከፍት ይነገረው።

የትኛው ለማን

ከሰማንያ ሰው በላይ ለሚጠራ፣ ኮሚቴው ከመደበኛ ሥራው ጋር ደርቦ ለሚሠራና ፊርማ ለሚዘገይበት ድርጅት ሆቴሉ ይመረጣል፤ ነገር ግን የተረጋገጠው ቁጥር ዝቅ ተደርጎና ክፍያው በቀብድና በቅድሚያ ክፍያ ለሁለት ተለይቶ። የግዢ ክፍሉ ጠንካራ የሆነ፣ ከአቅራቢዎች ጋር የቆየ ግንኙነት ያለውና ሥራውን በግንቦት መጀመሪያ ማስጀመር የሚችል ድርጅት ግን በአዳራሹ መንገድ የተሻለ ምግብ በአነስተኛ ዋጋ ያገኛል፤ በተለይ ከታዳሚዎቹ ብዙዎቹ ጿሚ ከሆኑ ምግብ አቅራቢዎች የጾሙን ቡፌ ከሆቴሎች ይልቅ በነፃነት ያስተካክላሉ። አዳራሹን ሲጎበኙ ጄነሬተሩ ድምፅ ማጉያውንና ማብሰያ ክፍሉን አንድ ላይ መሸከም ይችል እንደሆነ አስነስተው ይሞክሩት፤ «ጄነሬተር አለን» የሚለው መልስ መብራት ብቻ የሚያበራ ትንሽ ጄነሬተርንም ያጠቃልላል።

በሁለቱም መንገድ ሂሳቡ ከግብዣው በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ይወራረድ። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኙ፣ የተሰበሰበው የመጥሪያ ካርድ ቁጥር፣ የኩፖኑ ቆጠራ፣ በዕለቱ የተፈረመው ተጨማሪ ትዕዛዝና የተመላሽ ማስያዣው ደረሰኝ በአንድ ላይ ይያያዙ። ከመጠባበቂያው የተረፈው ለስጦታ ማብዣ ወይም ለኮሚቴው እራት ሳይውል ወደ በጀቱ ይመለስ። የሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ የሚያስፈልገው ቁጥርም እዚያው ማወራረጃ ላይ ነው፤ ስንት ሰው ተጠርቶ ስንት እንደመጣና ከመጠባበቂያው የትኛው መስመር እንደተነካ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይቀመጥ።